ቅዳሜ የ15 ሰከንድ ታሪካችንን እንቀርጻለን

ሰላም አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሙሉዓለም የባህል ማዕከል በር ላይ ተገናኝተን ወደ ጣና ዳር እንወርዳለን። እያንዳንዳችን ያለፍንበትን አንድ ችግር በ15 ሰከንድ እንቀርጻለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የምትናገሩትን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ። ከ30 ቃል አይብለጥ፤ ከበለጠ መጣደፍ ይመጣል።

የእኔን ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ታንኳ ተገልብጦብኝ ጀልባ እፈራ ነበር። መጀመሪያ ስጽፈው 4 ሰከንድ በሰላምታ አለቀ። ቆረጥኩት። አሁን የሚጀምረው በእጄ ነው፤ የመሳፈሪያውን ብረት ጨብጫለሁ፣ ጣቶቼ ነጥተዋል። «12 ዓመት ጀልባ ላይ አልወጣሁም» እላለሁ። 4 ሰከንድ።

ያስቸገረኝ መታጠፊያው፣ ማለትም ነገሩ የሚለወጥበት ቅጽበት ነው። «በራሴ ተማመንኩ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ግን መተማመን ካሜራ ላይ አይታይም። ስለዚህ እጄ ብረቱን ሲለቅ፣ እግሬ ጀልባው ውስጥ ሲያርፍ አሳየሁ። «እህቴ ዘጌ ላይ ወለደች።» 5 ሰከንድ። በቀረው 6 ሰከንድ ሕፃኑን አቅፌዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ያለ ንግግር ናቸው።

ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ ለአንድ ሰው አሳዩ። ምን እንደተለወጠ መናገር ካልቻለ መታጠፊያው ጎድሏል ማለት ነው።

ችግራችሁ ገና ካላለቀ መጨረሻ አትፍጠሩለት። የወሰዳችሁት አንድ እርምጃ ውጤት ሆኖ ይበቃል። ፊታችሁን ማሳየት ካልፈለጋችሁም እጅ ብቻ እንቀርጻለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ብላችሁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራችሁን እዚሁ ላኩልኝ።