ትንሿ ጣት ለነዘራት ታካሚ አንገት ብቻ ስለመታከሙ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፡ የካቲት 2017 ዓ.ም.
ሀዋሳ

ለክሊኒኩ ሜዲካል ዳይሬክተር

ጉዳዩ፡- እህቴ በክሊኒካችሁ ስለተሰጣት የምርመራ ውጤትና ሕክምና ቅሬታ ስለማቅረብ

ታናሽ እህቴ እዚሁ ሀዋሳ ሹሩባ እየሠራች የምትተዳደር የ34 ዓመት ሴት ናት። ባለፈው ክረምት የቀኝ እጇ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት እየነዘሩ ስላስቸገሯት ወደ እናንተ መጣች። ለሐኪሙ የነገረችው ግልጽ ነበር። ክርኗን አጥፋ ስትጎነጉን ይነዝራታል፤ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ስታወራ ይብስባታል፤ ሌሊት እጇን አጥፋ ተኝታ ደንዝዞ ያነቃታል፤ እጇን ዘርግታ ስታራግፈው ይለቃታል። አንገቷን አሟት አያውቅም። በካርዷ ላይ የሰፈረው ግን «የእጅ መደንዘዝ» የሚል ብቻ ነው። ክርን የሚል ቃል የለበትም።

የአንገት ራጅ ታዘዘላት፤ ቀጥሎም የአንገት ኤምአርአይ። ውጤቱ በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ትንሽ ወጣ ማለቱን ይገልጻል። በዚህ ምክንያት «የአንገት ዲስክ መንሸራተት» ተብሎ ኮላር እንድታደርግ ታዘዘች፤ የዲክሎፌናክና የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወጋች፤ አንገቷ በማሽን ሲሳብ ቆየ። በዚህ ሁሉ መሐል ክርኗን አጥፎ ያየ፣ የጣቶቿን ጉልበት የፈተነ ሰው አልነበረም። የስኳር ምርመራ መሠራቱን አይቻለሁ፤ ተገቢ ነበር፤ ውጤቱም ደህና ነው።

እኔ በሌላ ከተማ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለገና ቤተሰብ ሲሰበሰብ ነው እጇን ያየሁት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ በእጅ ጀርባ በኩል ሥጋ የሚሞላው ቦታ ጎድጉዷል። ትንሿ ጣቷ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ውጭ ትቀራለች፤ እጇን ኪስ ውስጥ ስትከት ትሰናከልባታለች። ማበጠሪያ ይወድቅባታል፤ ቀጭን የፀጉር ዘለላ በጣቶቿ መለየትም አቅቷት ደንበኞቿን ለሌላ ሠራተኛ መስጠት ጀምራለች። ያን ጊዜም ኮላሩ አንገቷ ላይ ነበር።

ቅሬታዬ የኤምአርአይ ንባቡ ተሳስቷል የሚል አይደለም። ዲስኩ እንደተባለው ወጥቶ ይሆናል። ነገር ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል የወጣ ዲስክ የሚነካው ስድስተኛውን የነርቭ ሥር ነው፤ የዚህ ሥር ሕመም ደግሞ የሚወርደው ወደ አውራ ጣትና ወደ ሌባ ጣት ነው። ትንሿን ጣት የሚያገለግለው ስምንተኛው የነርቭ ሥር ሲሆን የሚወጣውም ዝቅ ብሎ፣ በሰባተኛው የአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የደረት አጥንት መካከል ነው። ይህ ቦታ በእናንተው ኤምአርአይ ላይ ንጹሕ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ የተገኘው ለውጥ እውነት ቢሆንም የእህቴን ጣቶች አያስረዳም። በዚህ ዕድሜ አንገቱን ምንም የማያመው ሰው እንኳ ኤምአርአይ ቢነሣ እንዲህ ያለ ለውጥ ሊታይበት ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉ ከታካሚው ጣትና ጡንቻ ጋር ካልተገናዘበ ብቻውን በሽታ አይሆንም።

ከክርን ጋር ያለው ነገር እንዲህ ነው። አልናር የሚባለው ነርቭ በክርን ውስጠኛ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ጀርባ፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። ክርናችን ጠርዝ ሲመታን እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ይኸው ነርቭ ነው። ክርን ሲታጠፍ በላዩ ያለው ጅማት ይወጠራል፤ መተላለፊያው ይጠባል፤ ነርቡም በጉብታው ላይ ይለጠጣል። ቀኑን ሙሉ ክርኗን አጥፋ የምትሠራ ሴት፣ በክርን መታጠፍ የሚመጣና ሲዘረጋ የሚለቅ መንዘር ካላት መጀመሪያ መታየት የሚገባው ክርኗ ነው።

በቤት ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ያደረግሁት ምርመራ የሚከተለው ነው። ይህን የምጽፈው የእናንተም ክፍል ሊያደርገው ይችል እንደነበር ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ስሜቱን በጥጥ ዳሰስኩ። ቀለበት ጣቷ ለሁለት ተከፍሎ ነው የደነዘዘው፤ ወደ ትንሿ ጣት ያለው ጎኑ ደንዝዟል፤ ወደ መሐል ጣት ያለው ጎኑ ደህና ነው። አልናር ነርቭ የሚያዳርሰው የቀለበት ጣትን ግማሽ ስለሆነ ይህ አከፋፈል ወደ እሱ ያመለክታል፤ ከአንገት ሥር የሚመጣ መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን ሳይከፍል ሙሉውን ይይዛል። በእጇ ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ቆዳም ደንዝዟል። ለዚያ ቆዳ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከእጅ አንጓ በላይ ስለሚለይ ነርቡ የተጨመቀው አንጓው ላይ አይደለም ማለት ነው። ከአንጓው በላይ ያለው የክንዷ ውስጠኛ ቆዳ ግን ደህና ነው። እዚያ የሚደርሰው ሌላ ነርቭ ነው፤ ችግሩ ከስምንተኛው ሥር ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ድረስ ይደነዝዝ ነበር ብዬ እጠብቃለሁ።

ቀጥሎ ክርኗን ሙሉ በሙሉ አጥፋ፣ አንጓዋን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ እንድትይዝ ነገርኳት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ጣቶች ነዘሯት። ከጉብታው ጀርባ ነርቡን በጣቴ መታ መታ ሳደርገውም እንዲሁ። በአንጻሩ ጭንቅላቷን ወደ ኋላና ወደ ቀኝ አዘንብላ ከላይ ቀስ ብዬ ስጫነው ምንም አልተሰማትም።

ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን የጡንቻ ፈተና ነው። ወረቀት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጎን እንድትይዝ አድርጌ ስስበው፣ ወረቀቱ እንዳያመልጣት የአውራ ጣቷን ጫፍ አጠፈች። ይህ በአልናር ነርቭ የሚሠራው ጡንቻ ሲደክም ሌላው እየተካው መሆኑን ያሳያል። ከዚያ የአውራ ጣቷን ጫፍ አጥፋ እንድትከላከልና ሌባ ጣቷን ብቻ ወደ ላይ እንድታነሣ አድርጌ ሁለቱንም በኃይል ተጫንኳቸው፤ አልተበገሩም። እነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች ጉልበታቸውን በአብዛኛው ከዚያው ከስምንተኛው ሥር የሚያገኙ ሲሆኑ የሚደርሷቸው ግን በሌሎች ነርቮች በኩል ነው። ሥሩ አንገት ላይ ተጎድቶ ጡንቻ እስኪሟሽሽ ቢደርስ ኖሮ እነዚህም አብረው በደከሙ ነበር።

በክርን ላይ ነርቡን መዳሰስ በአገራችን ሌላም ምክንያት አለው። የሥጋ ደዌ ከሚያጠቃቸው ነርቮች አንዱ ይኸው አልናር ነው፤ ከክርን በላይ ወፍሮ ይዳሰሳል። በጊዜ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፤ በዲስክ ስም ከታለፈ ግን እጅን ያሽመደምዳል። እህቴ ላይ ነርቡ አልወፈረም፤ ስሜት ያጣ የቆዳ ነጠብጣብም የላትም። ይህን ግን እናንተ አላጣራችሁም።

ጥርጣሬዬን ይዘን አዲስ አበባ ወስደናት የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ተደረገላት። አልናር ነርቭ ከክርን በታች በሴኮንድ 58 ሜትር እየሄደ ክርኑን ሲያልፍ ወደ 36 ይወርዳል። ክርን ላይ ከ50 በታች መሆኑ፣ ወይም ከታችኛው ክፍል ጋር ሲነጻጸር ከ10 በላይ መቀነሱ ነርቡ እዚያ መያዙን ያመለክታል። የትንሿ ጣት የስሜት ምልክትም በግልጽ አንሷል። ይህ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ነርቭ ሥሩ ላይ አንገት ውስጥ ሲጫን ጣት ደንዝዞ እንኳ ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም፤ ምክንያቱም የስሜት ነርቡ ሕዋስ ከተጫነው ቦታ ወደ ጣት በኩል ይቀራልና። የአንገትና የሌሎቹ ክንድ ጡንቻዎች የመርፌ ምርመራም ደህና ነው። ውጤቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ይህን ውጤት ይዘን ስንመለስ የተሰጠን መልስ «አንገትም ክርንም አብረው ሊያሙ ይችላሉ» የሚል ነበር። ልክ ነው፤ ይችላሉ። ያ ግን ክርኑን ላለመመርመር ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ሁለቱንም ለመመርመር ያስገድዳል። አንገትን ማየት አያስፈልግም እያልኩም አይደለም። አንገቱን የሚያመው፣ አንገቱን ሲያዞር ሕመሙ ወደ ክንዱ የሚወርድ፣ ሁለቱም እጆቹ የሚደነዝዙ፣ ወይም አረማመዱ የተበላሸ ሰው ቢመጣ የአንገት ኤምአርአይ በፍጥነት ሊታዘዝለት ይገባል። እህቴ ከነዚህ አንዱም አልነበረባትም።

በመጀመሪያው ቀን ክርኗ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ሕክምናው ቀላልና ርካሽ ነበር። ሌሊት ክርኗ እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልሎ ማሰር ወይም ክርንን ትንሽ ብቻ አጠፍ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ማድረግ፣ ስልክን በጆሮ ማዳመጫ ማውራት፣ ክርንን ጠረጴዛ ላይ አለማስደገፍ፣ የደንበኛዋን ወንበር ዝቅ አድርጋ ክርኗን ብዙ ሳታጥፍ መሥራት። ገና መንዘር ላይ ብቻ ካለ፣ ጉልበት ካልቀነሰ፣ ብዙ ሰው በዚህ ይሻለዋል። አሁን ግን ጡንቻው ስለሟሸሸ ነርቡን ከጭቆናው የሚያላቅቅ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት ተወስኗል። የተጎዳ ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከክርን እስከ እጅ ጡንቻ ወደ 30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም የእጇ ጉልበት የሚመለሰው ወደ አንድ ዓመት ግድም ቆይቶ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ያለ ነርቭ ረጅም ጊዜ የቆየ ጡንቻ ነርቡ ቢደርስለትም አይነሣምና። በኮላር ያለፉት ወራት የባከኑት ከዚህ ጊዜ ላይ ተቀንሰው ነው። በእጇ ለምትኖር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። በካርዷ ላይ የሰፈረው «የአንገት ዲስክ መንሸራተት» በተያያዘው ውጤት መሠረት እንዲታረምና የታረመው ግልባጭ ለቀዶ ሐኪሟ እንዲሰጥ። ለአንገት ኤምአርአይና በማሽን ለተደረገው የአንገት መሳብ የከፈለችው ገንዘብ እንዲመለስላት፤ የራጁንና የደም ምርመራውን አልጠይቅም። እንዲሁም በእናንተ ዘንድ በትንሿና በቀለበት ጣት መንዘር መጥተው የአንገት ሕክምና ላይ ያሉ ሌሎች ታካሚዎች ካሉ ተጠርተው ክርናቸው እንዲታይ። ከዚህ በኋላም የአንገት ምስል ከመታዘዙ በፊት የክርን ማጠፍ ፈተናው፣ የወረቀቱ ፈተናና የነርቡ ዳሰሳ በካርዱ ላይ እንዲሰፍሩ ብታደርጉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እህቴን ያያት ሐኪም ይህን ደብዳቤ አንብበው በምርመራዬ ላይ የሚቃወሙት ነገር ካለ በጽሑፍ ቢያስረዱኝ በአክብሮት እቀበላለሁ። መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ በካርዷ ላይ ባለው የስልክ ቁጥር ወይም በአካል ለእህቴ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ታላቅ እህት፣ ፊዚዮቴራፒስት

አባሪ፡- የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ውጤት፣ የአንገት ኤምአርአይ ንባብ፣ የክፍያ ደረሰኞች
ግልባጭ፡- ለከተማው ጤና መምሪያ