የማሽን ክበብ ዘንድሮ፦ ሻፍቱ ሁልጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ለምን ይሰበራል?

የዘንድሮ ዕቅዳችን ትንሽ የውሃ ፓምፕ መሥራት ነበር። አንድ የክበባችን ልጅ ግን ከአባቱ ወፍጮ ቤት ለሁለት የተሰበረ ሻፍት በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣና ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ሻፍት ጋር ከረምን። እኔም ብዙ አልተቃወምኩም፣ እውነቱን ለመናገር ከፓምፑ ይልቅ ይሄ ይስበኝ ነበር።

ሻፍቱ ደረጃ አለው። ወፍራሙ ጎን 30 ሚሊሜትር ነው፣ ኩሽኔታ የሚገባበት ቀጭኑ ጎን 25። የተሰበረው ልክ ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበረውም እዚያው ተሰብሮ ነበር አሉ። አባትየው «ብረቱ ደካማ ነው» ብለው ሁለተኛውን ከጠንካራ ብረት አሠሩት፣ እሱም ያው ሆነ።

መጀመሪያ ያደረግነው ስብራቱን በማጉያ መነጽር ማየት ነው። ዳር ዳሩ ለስላሳ ነው፣ የተወለወለ ይመስላል፣ ስስ ስስ መስመሮችም አሉበት። ከውስጥ ትንሽ ቦታ ብቻ ሻካራ ነው። ለስላሳው ክፍል ስንጥቁ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየገባ፣ ሁለቱ ፊቶች እየተፋተጉ የቆዩበት ነው። ሻካራው መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ጓ ብሎ የተለየው። እዚህ ላይ ልጆቹ ጥሩ ነገር አስተዋሉ፦ ሻካራው ቦታ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ ሻፍቱ ሊሰበር ሲል እንኳ ያን ጭነት የተሸከመው በጣም ትንሽ ብረት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ አላነሰም። ችግሩ ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ ነው።

ጥጉ ምን ያደርጋል? ደወል ሲደወል በግቢው በር የሚወጣውን ተማሪ አስቡት፤ መሃል ያለው ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ በዳር የመጣው ግን የበሩ ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ይጨናነቃል። በሻፍቱ ውስጥ የሚተላለፈው ኃይልም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ጥጉ ላይ እንዲሁ ይታጨቃል። ጥጉ ክብ ተደርጎ ከተቆረጠ ኃይሉ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ ስል ከሆነ ግን በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ከጣሪያ ሥራ የተረፈ ጠፍጣፋ ፖሊካርቦኔት አገኘንና ሁለት ደረጃ ያላቸው ቅርጾች ቆረጥን፣ አንዱ ጥጉ ስል፣ አንዱ ክብ። የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርገን ከፊቱ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያዝን፣ ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ መነጽሩን አዞርን፣ ከዚያ ፕላስቲኩን መሃል አስገብተን ጎበጥ አደረግነው። ቀለማት ይወጣሉ። ስል ጥግ ላይ የቀለም መስመሮቹ ተጨናንቀው ይደራረባሉ፣ ክቡ ላይ ሰፋ ሰፋ ብለው ይቀመጣሉ። ፕላስቲኩ ጠፍጣፋ፣ ሻፍቱ ድቡልቡል ስለሆነ ቁጥር ከዚህ አይወሰድም፤ ቦታውን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አንዷ ተማሪ «ታዲያ ለምን ወዲያው አይሰበርም?» አለች፤ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። ጭነቱ አንዴ ብቻ ቢመጣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ትለመጥና ትርፉን ለጎረቤቷ ታካፍላለች፣ ሻፍቱም ምንም አይሆንም። ሻፍት ግን ይሽከረከራል። ቺንጋው ወደ አንድ ጎን እየሳበው ሲዞር፣ ጥጉ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ትወጠራለች፣ አንዴ ትጨመቃለች። ይህ መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ያቺው የተጨናነቀች ቦታ ትሰነጠቃለች፤ የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። ስንጥቁ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ከማንኛውም ጥግ የባሰ ስል ነው።

ከዚያ ሒሳብ ሠራን። ከጥጉ 250 ሚሊሜትር ርቀት ላይ 800 ኒውተን ኃይል ቢጎትት፣ 25 ሚሊሜትሩ ሻፍት ላይ ጥጉ ሳይቆጠር በካሬ ሚሊሜትር 130 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። ጥጉ 0.5 ሚሊሜትር ራዲየስ ብቻ ካለው፣ ለሻፍት ጥጎች የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ይህን ቁጥር በ2.3 አባዙ ይላል። ራዲየሱ 2.5 ከሆነ በ1.6። ብረት ግን በጣም ትንሽ ጥግ ላይ የሚመጣውን ጭንቅንቅ ሙሉ በሙሉ አይሰማውም፤ በድካም ሒሳብ የሚገባው ቁጥር ለመካከለኛ ብረት ወደ 1.8 እና 1.5 ይወርዳል። ስለዚህ አንደኛው ጥግ 239 ያየዋል፣ ሁለተኛው 194።

አንድ ካሬ ሚሊሜትሩ ሲጎተት 600 ኒውተን የሚችል ብረት፣ በላዝ ማሽን ተቆርጦ በዚህ ውፍረት ሲሆን፣ ሲሽከረከር ሳይሰነጠቅ የሚችለው 218 ገደማ ነው። 239 ያልፈዋል፣ 194 አይደርስበትም። የመጀመሪያው በግምት ግማሽ ሚሊዮን ዙር ላይ ይሰበራል፤ በደቂቃ 1000 ዙር ለሚዞር ሻፍት ከ8 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለተኛው በሒሳቡ መሠረት በድካም አይሰበርም። ብረቱ ያው ነው፣ ውፍረቱ ያው ነው፣ ጭነቱም ያው፤ የተለየው 2 ሚሊሜትር ኩርባ ብቻ። (ወፍጮ ሁልጊዜ በሙሉ ጭነት ስለማይሠራ የእነሱ ሻፍት ወራት ቆይቷል።)

ጠንካራ ብረት መግዛትስ? የተወሰነ ይረዳል፣ ግን ብረት በጠነከረ ቁጥር የስል ጥግን ጭንቅንቅ ይበልጥ ስለሚሰማው ከተከፈለበት ዋጋ ከፊሉ እዚያው ጥግ ላይ ይቀራል። የተሰበረውን መበየድ ደግሞ ባይነሳ ይሻላል፤ የብየዳው ጠርዝ ራሱ ሌላ ጥግ ነው።

«እንግዲያው ሁሉንም 2.5 አድርጉ» ብሎ መጨረስ አይቻልም፣ ምክንያቱም ኩሽኔታው አለ። በ25 ሚሊሜትር ሻፍት ላይ የሚገባው 6205 የተባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበቱ ጠርዝ ክብነት ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ነው፤ የሻፍቱ ጥግ ከዚያ ከበለጠ ኩሽኔታው ኩርባው ላይ ይወጣና ትከሻው ላይ፣ ማለትም የደረጃው ቀጥ ያለ ፊት ላይ፣ ሳይደገፍ ጠምዘዝ ብሎ ይቀመጣል። ደረጃችን ደግሞ በየጎኑ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ያ ኩርባ ትከሻውን በሙሉ ይበላዋል። 1 ሚሊሜትር ብናደርገው ሒሳቡ 221 ይሰጣል፣ ማለትም ድንበሩ ላይ፣ እኔ በበኩሌ አልፈርምበትም። መፍትሔው በኩሽኔታውና በትከሻው መሃል የምትገባ ቀለበት ነች። የቀለበቷ የውስጥ ጠርዝ በሰፊው ይቀነስና ቀለበቷ ኩርባው በሚያልቅበት የትከሻው ዳር ላይ ብቻ ታርፋለች፣ ኩሽኔታው እሷ ላይ ቀጥ ብሎ ይደገፋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን በ1843 እ.ኤ.አ. የባቡር አክስሎች እዚሁ ዓይነት ጥግ ላይ ስንጥቅ እያደጉ እንደሚሰበሩ ጽፎ፣ ጥጉ በኩርባ እንዲሠራ መክሯል።

አዲሱን ሻፍት ልጆቹ ራሳቸው ቆረጡት። የላዙን መቁረጫ ጫፍ በሞላ ቀርጸው ከራዲየስ ጌጅ ጋር እያስተያዩ 2.5 አደረሱት። የመቁረጫው ጭረት ሻፍቱን ዙሪያውን ስለሚዞር፣ ስንጥቅ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ መሄድ ስለሚወድ፣ ኩርባውን በርዝመቱ አቅጣጫ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። አሁን ወፍጮ ቤት ገብቶ እየዞረ ነው። የቀረን ፑሊው የሚታሰርበት የኪ ቦይ ነው፤ የእሱም ጥጎች ስል ናቸው፣ እዚያ ላይ ቀለበት ማስገባት አይቻልም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የተያዘው ሥራ እሱ ነው።