ጨረቃዋ ግማሽ ኪኒን መሰለች

ለአዘጋጁ፦

አዘዞ የምትኖረው አክስቴ ማንበብ አትችልም። ለስኳሯ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ታዞላታል። ለደም ግፊቷ ደግሞ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ጠዋት ብቻ። ፋርማሲው አወሳሰዱን በሥዕል ሠርቶ ሰጣት፤ ፀሐይና ጨረቃ፣ ከሥር ክብ ክብ ኪኒኖች። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እኔ በበኩሌ ሁሉም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ግን ጨረቃዋ የተሣለችው ግማሽ ክብ ሆና ነው። አክስቴ ግማሽ ኪኒን መስሏት ማታ ማታ ሜትፎርሚኑን አንድ ተኩል ትውጥ ነበር! የነቃነው ኪኒኑ ከቀጠሮዋ በፊት ሲያልቅ ነው።

አሁን በጨረቃዋ ቦታ እራት የቀረበበት መሶብ ሣልን። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ እሱንም ያስታውሳታል። ሁለቱም ኪኒኖች ነጭ ስለሆኑ ደግሞ የሜትፎርሚኑ ፓኮ ላይ ቀይ ክር አሰርን፤ ሥዕሉ ላይም ያንኑ ክር ለጠፍን።

ፋርማሲስቶች ሆይ፣ «ገባዎት?» ብቻ ብላችሁ አትሸኙ። ወረፋው ከኋላው እያጉረመረመ ማን «አልገባኝም» ይላል? «እስቲ የዛሬ ማታውን አውጥተው ያሳዩኝ» በሉ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር