30 ሺህ ፔርሙስ የሚጭነው ኮንቴነር የት ነው ያለው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በቤት ዕቃ ዋጋ ላይ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ስላየው ሙሉውን አልደግመውም። ቻይና በ4 ዶላር የተገዛ ፔርሙስ መርካቶ 1,400 ብር ይሸጣል፣ ዶላሩ በ150 ብር ቢመነዘር 600 ብር ነው፣ የቀረው 800 ብር የአስመጪው ኪስ ገብቷል ብላችኋል። ይህን ያነበቡ ደንበኞች ስልካቸውን አውጥተው ዘገባውን እያሳዩ «700 ብር አድርገውና ልውሰድ፣ መቶ ብር አትርፍበት» ይሉኝ ጀምረዋል። አንዷ እናት ደግሞ «ልጄ፣ እግዜርን ፍራ» ብለውኝ ሄዱ። ለእሳቸው መልስ መስጠት ስላልቻልኩ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ዘገባችሁ ውስጥ ብዙ ነገር ቢኖርም እኔን ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር እስከ 30 ሺህ ዕቃ ስለሚይዝ በአንድ ፔርሙስ ላይ የሚያርፈው የማጓጓዣ ወጪ ከ25 ብር አይበልጥም» ይላል። 30 ሺህ ምን ዓይነት ዕቃ? ሲኒ ከሆነ አልከራከርም፤ ሲኒ ከዚያም በላይ ይጫናል። ፔርሙስ ከሆነ ግን ዘጋቢው ኮንቴነሩን ያየበትን ቦታ ይንገረንና ነገውኑ ሄደን እንከራየው።

ፔርሙስ ሲጫን አብዛኛው የሚጫነው አየር ነው። ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዘው ባለ ፓምፕ ፔርሙስ ስድስት ስድስት ሆኖ በካርቶን ይታሸጋል፤ አንዱ ካርቶን በግምት 0.067 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከፍ ያለው ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር በወረቀት ላይ 76 ሜትር ኩብ ይባል እንጂ ካርቶን ተደርድሮ 68 ከገባ ጫኙ ጎበዝ ነው። ስለዚህ የሚገባው 1,000 ካርቶን፣ ማለትም 6,000 ፔርሙስ ነው። ኮንቴነሩ ክብደቱ ገና ሳይሰማው ይሞላል። 30 ሺህ ፔርሙስ ለማምጣት አምስት ኮንቴነር ያስፈልጋል፤ የአምስቱም ኪራይ ይከፈላል።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹን ለመከታተል እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ምንዛሪውንም እናንተው በወሰዳችሁት 150 ብር አስቀምጬዋለሁ። የባሕሩ ጉዞ፣ የጅቡቲ ወደብ አገልግሎትና ከዚያ እስከ ድንበራችን ያለው መጓጓዣ በድምሩ 4,500 ዶላር ወጣበት እንበል። ለ30 ሺህ ሲካፈል 15 ሳንቲም ዶላር፣ ወደ 23 ብር ይሆናል፤ የዘጋቢው «ከ25 ብር አይበልጥም» ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለ6,000 ሲካፈል ግን 75 ሳንቲም፣ ማለትም 112 ብር ከ50 ነው።

«ታዲያ ልዩነቱ 90 ብር ነው፣ ይህን ያህል ምን ያስጮህሃል?» ትሉ ይሆናል። የሚያስጮኸኝ ቀረጡ የሚሰላው በፋብሪካው ዋጋ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጉምሩክ የሚይዘው ዋጋ ዕቃው ወደ አገሪቱ የመጀመሪያ መግቢያ እስኪደርስ የወጣበትን ሁሉ ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምረው ማለት ነው። ማጓጓዣው ሲያድግ ቀረጡም አብሮት ያድጋል።

መድኑን የጦርነት አደጋ ሽፋን ጨምሮ በአንድ ፔርሙስ 5 ሳንቲም ዶላር ልያዘው። 4 ዶላር የነበረው ዕቃ መግቢያው ላይ 4 ዶላር ከ80 ሆነ። የጉምሩክ ቀረጡን ከታሪፉ እርከኖች 30 በመቶውን ለምሳሌ እንውሰድ፤ 1 ዶላር ከ44 ይመጣል። በሁለቱ ድምር፣ በ6 ዶላር ከ24 ላይ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 94 ሳንቲም ነው። ሱር ታክሱ ደግሞ ዕቃውን፣ ቀረጡንና ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ደምሮ 10 በመቶ ይወስዳል። በታክስ ላይ የሚከፈል ታክስ ማለት ይኸው ነው፤ 72 ሳንቲም። ለማኅበራዊ ድጋፍ የሚቆረጠው 3 በመቶና በቅድሚያ የሚያዘው የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 3 በመቶ እያንዳንዳቸው 14 ሳንቲም ገደማ ይጨምራሉ። በዘገባችሁ ውስጥ «ሱር ታክስ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ፈለግሁት፤ አንድም ቦታ የለም።

እዚህ ላይ የእኛም ሰዎች የሚያጋንኑት ነገር ስላለ ልናገር። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ለተመዘገበ ነጋዴ ወጪ አይደለም፤ ስሸጥ ከገዢው ከሰበሰብኩት ላይ አቀናንሰዋለሁ። በቅድሚያ የተያዘው 3 በመቶም ከዓመቱ ግብሬ ላይ ይታሰብልኛል። እነዚህን ሁለቱን ከዕቃው ዋጋ ላይ ደምሮ «ይህን ያህል ፈጀብኝ» የሚል አስመጪ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ግን ሁለቱም ዕቃው ሳይሸጥ፣ ገና ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ ሳለ ነው የሚከፈሉት። ለተጨማሪ እሴት ታክሱ ብቻ ለአንድ ኮንቴነር ከ840 ሺህ ብር በላይ ይወጣል። ገንዘቡ ከባንክ የተበደርኩት ከሆነ ወለዱ የእኔ ነው፤ እሱን ማንም አያቀናንስልኝም።

ከኪሴ ወጥተው የማይመለሱት እንግዲህ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና የማኅበራዊ ድጋፉ ናቸው፤ ተደምረው 2 ዶላር ከ30። ዕቃው 7 ዶላር ከ10 ደረሰ። የጉምሩክ ጉዳዩን የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተር ክፍያ፣ የሞጆው የተርሚናል አገልግሎት፣ ባንኩ ለፋብሪካው ክፍያ ዋስ ለሚሆንበት ኤል.ሲ. የሚወስደው ኮሚሽን፣ ከሞጆ አዲስ አበባ ድረስ የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ ሲጨመሩ ለኮንቴነሩ 2,400 ዶላር የሚያህል ብር ይወጣል እንበል፤ በአንዱ 40 ሳንቲም። 7 ዶላር ከ50 ሆነ ማለት ነው።

አላለቀም። የፔርሙስ ሆዱ ብርጭቆ ነው። ካርቶን ሲራገፍ አውራጁ ከፍ አድርጎ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ወደ ጎን ይጥለዋል። ካርቶኑ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም፣ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኗል። ከመቶው ሁለቱ ቢሰበር የሚሸጠው 5,880 ነው፤ የተሰበረውንም ዋጋ የሚሸከመው ያልተሰበረው ነው። መድኑ እንዲህ ላለች ጥቂት ስባሪ አይከፍልም፣ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ባለዕቃው እንዲችለው ውሉ ላይ ተጽፏል። አንዱ ፔርሙስ እንግዲህ 7 ዶላር ከ65፣ በእናንተው ምንዛሪ 1,148 ብር ላይ ቆመ። እናንተ 600 ብላችኋል።

1,400ውም ቢሆን ሙሉው የሻጩ አይደለም። ተጨማሪ እሴት ታክሱ በውስጡ አለ፤ ሲወጣለት 1,217 ብር ይቀራል። በመሃል ጅምላ ነጋዴና ቸርቻሪ ባይኖሩና እኔው በቀጥታ ለተጠቃሚው ብሸጥ የማገኘው 69 ብር ነው፤ ስድስት በመቶ። ከሱም ላይ የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የዘበኛ ይወጣል። «800 ብር» ብሎ አገር ምድሩን ያስለፈለፈው ቁጥር ይህ ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሉ ነበር አባቶቻችን።

ደግሞም ይህ ሁሉ ነገሩ በሰላም ሲያልፍ ነው። ጉምሩክ ያቀረብኩለትን ኢንቮይስ ላይቀበል ይችላል፤ በእጁ ካለው የዋጋ መረጃ ጋር ያስተያይና «ይህ ዕቃ 4 ሳይሆን 5 ዶላር ነው» ይላል። ለፋብሪካው የከፈልኩት 4 ሆኖ ሳለ ቀረጡን በ5 እከፍላለሁ። የማይመለሱት ሦስቱ ክፍያዎች ተደምረው ከያንዳንዱ ዶላር 48 ሳንቲም ገደማ ስለሚወስዱ የአንድ ዶላሯ ጭማሪ በፔርሙስ 72 ብር ታመጣለች። ትርፌ 69 ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ዶላር ሲጨመር ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ኮንቴነር ወደ ኪሳራ ይገባል። በክርክሩ መሃል ደግሞ ቀኑ ይቆጥራል። መርከብ ድርጅቱ በነፃ ከሚሰጠው ቀን በኋላ ለኮንቴነሩ በቀን 40 ዶላር ቢያስከፍል፣ 15 ቀን ሲዘገይ በአንድ ፔርሙስ 15 ብር ይሆናል፤ የመጋዘን ኪራዩን ሳልቆጥር።

ልክ እንደ እኔ በባንክ ከፍለው፣ በስማቸው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አውጥተው የሚያስገቡትን አንዳቸውንም ዘጋቢያችሁ አላነጋገረም። አንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያና ሁለት ሸማቾች ተናግረዋል። እኛ ሰፈር ለመምጣት አውቶቡስ ጠፍቶ ይሆን? ነጋዴው ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም። በገበያው ውስጥ የሚበላ ሰው አለ። 4 ዶላሩን 2 ብሎ ኢንቮይስ የሚያሠራና የቀረውን በጎን የሚከፍል አለ፤ ያኔ ከየፔርሙሱ ላይ ለመንግሥት መግባት ከነበረበት ውስጥ 144 ብር ገደማ ቀረ ማለት ነው። እሱ 1,350 ብር ሸጦ ከእኔ እጥፍ በላይ ያተርፋል፣ ሸማቹም «ደግ ነጋዴ» ይለዋል። እሱን ለማግኘት ዘጋቢው መርካቶ መዞር የለበትም፤ የሚያስገባበትን ዋጋና የሚሸጥበትን ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃዋል። ያን ለመሥራት ግን መጀመሪያ አንድ ዕቃ እዚህ ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። 30 ሺህ የሚለውን ቁጥር አርሙ፣ ርዕሱ በነበረበት ገጽና በዚያው ፊደል መጠን። ዘጋቢው እንደገና ሊሠራው ከፈለገ የመጨረሻውን ኮንቴነር ዲክላራሲዮን፣ የመርከቡን ሰነድ፣ የመድኑን ውልና የትራንዚተሩን ደረሰኝ በአንድ ፋይል አስሬ አስቀምጬለታለሁ። ሻይ በእኔ ነው፤ ከፔርሙስ።

አክባሪያችሁ፣
የቤት ዕቃ አስመጪ፣ ከመርካቶ