ስለ ብሩክ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ፣ ይህን የምጽፍልሽ በብሩክ ፈቃድ ነው። «ልነግራት ስል አፌ ይያያዝብኛል፣ አንተ ጻፍላት» ብሎኛል።

ከክረምት ጀምሮ «ሰነፈ» እያልሽ የምታማርሪው ነገር ስንፍና አይደለም። የድብርት ሕመም ይዞታል።

እሱም ቶሎ አላወቀውም። ምግብ አልወርድ ሲለው ጨጓራ መስሎት የጨጓራ ክኒን ወሰደ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየነቃ ጣሪያ ሲያይ ማንጋት ጀመረ። ስድስት ኪሎ እሚሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የአንዷን ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲጠርዝ መካከሉን ገለበጠው። ፈትቶ ደግሞ ጠረዘው፤ አሁንም የተገለበጠ ነው። አሠሪው «ፍቅር ይዞሃል» ብሎ ሳቀበት። ብሩክ ያን ቀን እንኳ ምንም አልመሰለውም። የነቃው የአርሴናል ጨዋታ ባመለጠው ሳምንት ነው። ጓደኞቹ ሲጠሩት አልሄደም፤ ማን እንዳሸነፈም ሳይጠይቅ ቀናት አለፉ። በአርሴናል ጉዳይ ስንቴ እንደተጨቃጨቃችሁ አንቺው ታውቂያለሽ። «አላዘንኩም እኮ፣ ግን ምንም ነገር ደስ አይለኝም» ብሎ የደወለልኝ ያኔ ነው።

ነርስ ነኝና ለዚህ ሕመም የሚጠየቁትን ዘጠኝ ጥያቄዎች በስልክ ጠየቅኩት። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠየቀው፤ ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» ከሆነ 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ከሆነ 3 ይሰጣል። ደስታ ማጣት፣ እንቅልፍና ድካም ሦስቱም 3 ሆኑ። ምግብና ሐሳብ መሰብሰብ 2፣ 2። ማዘኑና ራሱን መውቀሱ ግን 1፣ 1 ብቻ። አየሽ፣ ስላላለቀሰ ነው ማናችንም ያልጠረጠርነው፤ ደስታ ማጣት ብቻውን የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ሊሆን ይችላል። መንቀራፈፍ 0፤ የመጨረሻው ሞትን ስለማሰብ ነው፣ እሱም 1። ድምሩ ከ27 16 ሆነ። ከ15 በላይ ሲሆን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቢሆንም ነጥቡ ብቻውን በሽታውን አይወስንም፤ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መድከምም እንዲህ ስለሚያደርጉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ተመርምሯል፣ ደህና ነው።

ስለ ሞቱ በቀጥታ ጠየቅኩት። «ባልነቃ ይሻል ነበር እላለሁ እንጂ ላደርገው አላሰብኩም» አለኝ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ያስተነፍሰዋል እንጂ፤ አንቺም አትፍሪ፣ ጠይቂው። ኩሽና ያለውን የአይጥ መርዝ ግን ዛሬውኑ ከቤት አውጪ፣ የታዘዘለትንም ክኒን አንቺ ያዢለት። አስቤያለሁ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። አማኑኤል ቢሉሽም አትደንግጪ። ሰፈር ውስጥ መሳደቢያ አድርገነው ነው እንጂ ሆስፒታል ነው።

ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ታዞለታል፣ በቀን አንድ ጠዋት። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቋርጠዋል፤ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱና መቅበጥበጡ ይመጣሉ፣ ጥቅሙ ግን ገና አልታየም። «ይኸው ባሰበት» የምትዪው ያኔ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ይበርዳል፤ መሻሉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ይጀምራል፣ በቂ ለውጥ እስኪታይ ስድስት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ጉልበቱ ከስሜቱ ቀድሞ ሊመለስ ስለሚችል በእነዚያ ሳምንታት ዓይንሽ ከሱ አይራቅ። ሳይተኛ እያደረ እንደልቡ ቢሆን፣ ወሬና ወጪ ቢያበዛ ግን ያ መዳን ስላልሆነ ቶሎ ሐኪሙ ይየው። ወገቡን አመመው ብለሽ ትራማዶል እንዳትሰጪው፣ ከዚህ ክኒን ጋር አይስማማም። ከሰዓት በኋላ ጫት ከቃመ ደግሞ እንቅልፉ አይመለስም። ተሻለኝ ብሎም በራሱ አያቁም፤ ከዳነ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፣ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ጸበል መሄዱን አልቃወምም፣ ይጠመቅ። ክኒኑን አስጥለው እንዳይልኩት ብቻ አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ ሞክሩ። ጠዋት ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግሩ ወርዶ ይመለስ። ደስ እስኪለው አይጠብቅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይውጣ፤ በዚህ ሕመም ፍላጎት የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው። አንድ ቀን ቢቀር አትቆጪው፣ በማግሥቱ ግማሹን ይሂድ። «ምን ጎደለህ?» አትበዪው፤ ምንም እንዳልጎደለው ስለሚያውቅ ነው የበለጠ የሚያፍረው።

ለምርመራውና ለመድኃኒቱ የሚሆን ገንዘብ በአንቺ ስም ልኬያለሁ። በቀጠሮው ቀን እሺ ካለሽ አብረሽው ግቢና ስለ እንቅልፉ ያየሽውን ለሐኪሙ ንገሪ፤ እሱ «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል። ለእማማ ምን እንደምንላት እሱ ራሱ ይወስን። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ።

ወንድምሽ