ከቀኑ 8:45 የመጣው ተወዳዳሪ አልዘገየም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሥራ ፈላጊዎች «ሰዓት አለማክበር» ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ለቃለ መጠይቅ የጠሯቸው ወጣቶች ቀርተው፣ ዘግይተውና ወረቀት ሳያሟሉ መጥተው እንዳስቸገሯቸው ያማርራሉ። ዘጋቢያችሁም አብሮ ከንፈር ይመጥጣል። ተወዳዳሪ አልተጠየቀም። የጥሪ ኢሜይል ስንጽፍ የምንውለው የቅጥር ክፍል ሠራተኞችም አልተጠየቅንም። ስማችን የተነሳው «ጥሪው በአግባቡ ቢተላለፍም» በምትለዋ ሐረግ ውስጥ ብቻ ነው። ስለ ምስጋናው እግዜር ይስጥልን፤ ግን አይገባንም። ጥሪው በአግባቡ አልተላለፈም።

ማስረጃውን ያተማችሁት ራሳችሁ ናችሁ። አንባቢ እንዲስቅበት ያስገባችሁት ሰው፣ ከቀኑ 8:45 ላይ ደርሶ «እንዲያውም ቀድሜ ነው የመጣሁት» ብሎ የተከራከረው፣ ትዝ ይላችኋል። ከእሱ ወሬ ጎን የጥሪው ኢሜይል ፎቶ አለ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰዓቱ 3:00 ይላል፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ የሚል ምልክት የለውም። ጸሐፊው በልቡ የያዘው የኛን የጠዋት 3:00 ነበር። ተወዳዳሪው ግን የእንግሊዝኛ ደብዳቤን በእንግሊዝኛ ሰዓት አነበበ፤ በስልኩ 15:00፣ በኛ ከቀኑ 9:00 መሆኑ ነው። 8:45 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ቀድሟል። የቀጠረው መሥሪያ ቤት «ዘገየ» አለው፤ እናንተ ደግሞ ለአገር አስነበባችሁት።

ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። በትራፊክ የዘገየ ሰው ሃያ ደቂቃ ወይም ሃምሳ ደቂቃ ይዘገያል እንጂ ስድስት ሰዓት ገደማ አሳልፎ ደረቱን ነፍቶ አይመጣም። ከተጠሩት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዎች ስድስት ሰዓት ያህል ተሳስተው ከመጡ ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፤ ኢሜይሉን ከፍቶ ማየት ነው። ግልባጩም አለ። 9:00 የሚል ኢሜይል ሲላክ አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ ሌላው ምሳውን በልቶ ይመጣል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቀን መቁጠሪያ ግብዣ ሲጨመርበት ይብሳል። ስልክና ኮምፒውተር የኛን ሰዓት አያውቁም። ጸሐፊው 3:00 ብሎ AM የሚለውን ከነካ፣ የተወዳዳሪው ስልክ ከሌሊቱ 9:00 ላይ «ቃለ መጠይቅ አለህ» እያለ ይጮሃል። ይህን በነካ እጃችሁ ብትዘግቡት ምን ነበረበት?

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። «ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት፤ በስልክዎ ሰዓት 09:00፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 14 ቀን 2025።» ሁለቱም ሰዓት፣ ሁለቱም ቀን፣ በመካከል የዕለቱ ስም። የዕለቱ ስም ለጌጥ አይደለም። ዓርብ በሁለቱም አቆጣጠር ዓርብ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲሳሳት የሚናገረው እሱ ነው። ኅዳር 5ን «ኖቬምበር 5» ብሎ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሞልቷል። ያ ዕለት ረቡዕ ሲሆን ከትክክለኛው ዘጠኝ ቀን ይቀድማል። «ዓርብ» የሚለው ቃል አብሮ ካለ ተወዳዳሪው ይነቃና ይደውላል፤ ከሌለ ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ከጥበቃ ጋር ይጨቃጨቃል። ቀኑን በቁጥር ብቻ፣ 05/03 ብሎ መጻፍማ ቢቀር ይሻላል። ለአንዱ ኅዳር 5 ነው፣ ለሌላው ማርች 5፣ ለሦስተኛው ሜይ 3።

ኢሜይሉ መቼ ተላከ የሚለውንም ዘጋቢያችሁ ማየት ይችል ነበር፤ ፎቶው ላይ አለ። ረቡዕ ከቀኑ 11:00 ሰዓት ለዓርብ ጠዋት። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሁን እንበል። ጅማ ላለ ተወዳዳሪ ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አውቶቡስ የሚነሳው ንጋት ላይ ስለሆነ ሐሙስ በማለዳ መሳፈር አለበት። ማለትም ኢሜይሉን ረቡዕ ማታ ካላየው አልቋል። «የክልል ተወዳዳሪዎች ፍላጎት የላቸውም» የምትለዋ አረፍተ ነገራችሁ ከዚህ ነው የተወለደችው። ብዙ ሰው ኢሜይል የሚከፍተው ለማመልከቻ ብሎ ነው፤ በየሰዓቱ አያየውም። ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ሲቀር ይላክ፤ በዚያው ዕለትም «ኢሜይልዎን ይመልከቱ፤ መገኘትዎን እስከ ማክሰኞ ያሳውቁን» የሚል የስልክ መልእክት ይከተለው። እስከ ማክሰኞ መልስ ላልሰጠ ይደወላል። አንድ የደወለ ሰው ያንን ሁሉ ባዶ ወንበር ያስቀር ነበር።

ወደ ፈተናው ዓይነት እንምጣ። ኢሜይሉ «ቃለ መጠይቅ» ይላል። ዘገባችሁ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ተወዳዳሪዎች «ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ግራ ተጋቡ» ይላል። ይጋቡ እንጂ! ለወሬ ተጠርተው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ደረሰኝ መዝግቡ ተባሉ። መጻፍ የነበረበት ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ የአንድ ሰዓት የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎ 45 ደቂቃ በኤክሴልና በፒችትሪ የተግባር ፈተና፣ ከዚያ ያለፉት ብቻ የ20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ፤ ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ ስልክ ይጠፋል። ይህን ማወቅ ለማንም መልሱን አይሰጥም። ፒችትሪ ነክቶ የማያውቅ ሰው ግን ከደሴ ድረስ መምጣቱን አስቦበት ይወስናል።

«ተራቸው ሳይደርስ ጥለው ሄዱ» የተባሉትስ? እስቲ እናስላው። በዘገባችሁ መሠረት ሃያ ሰው በአንድ 3:00 ሰዓት ተጠርቷል። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢሰጥ 400 ደቂቃ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ከአርባ ይሆናል። ጠያቂዎቹ አንድ ሰዓት ምሳ ቢወጡ የመጨረሻው ሰው የሚገባው 10:20 ላይ ነው። ጠዋት ከሥራው ለሁለት ሰዓት ብቻ ፈቃድ ጠይቆ የመጣ ሰው ኮሪደር ላይ እስከ 10:20 ሊቀመጥ አይችልም። ፈተናውን ለሁሉም በአንድ ሰዓት ሰጥቶ፣ ለቃለ መጠይቁ አምስት አምስት ሰው እየከፈሉ የየራሳቸውን ሰዓት መጻፍ፣ «ይህን ያህል ሊቆዩ ይችላሉ» ብሎም መንገር ነው። ጠያቂ ኮሚቴዎች ይህን አይወዱም፤ አንድ ሰው ቢቀር እነሱ ሃያ ደቂቃ ሥራ ይፈታሉና። የሃያ ሰው ቀን ቢቃጠል ግን ምንም አይደለም።

ከሁሉ ያናደደኝ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። «ሙሉ የትምህርት ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ» ይላል ኢሜይሉ፤ ዘገባው ደግሞ «ኦሪጅናል ዲግሪ የሌላቸው ሳይቀሩ» ብሎ ያሾፋል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ የወጪ መጋራት ግዴታውን ሳይጨርስ ኦሪጅናሉ እጁ አይገባም፤ የያዘው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም በተወዳዳሪ ቦርሳ የሚዞር ዕቃ አይደለም፤ ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ወደ ቀጣሪው የሚላክ ነው። ለፈተና ቀን መጠየቁ ለማይሰጥ ነገር ማስለመን ነው። ጥሪው እንዲህ ቢል ይበቃል፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመረቁ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፤ ኦሪጅናሉን አይተን እንመልሳለን፣ አንድ አንድ ፎቶ ኮፒ እናስቀራለን። ኦሪጅናል ተቀብለን «ሰኞ ና» አንልም የሚለው ካልተጻፈ፣ ሰው ዲግሪውን ቤቱ ትቶ ቢመጣ አይፈረድበትም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም እንዲሁ። «የሥራ ልምድ» ብሎ ዝም ማለት የሚያመጣው «በትጋት አገልግሏል» የሚል የምርቃት ወረቀት ነው። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ፣ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ተብሎ ይጻፍ። ግብሩ ካልተጠቀሰ ብዙ ቀጣሪ ልምዱን አይቆጥርለትም፤ ያንን ለማስጨመር ደግሞ ተወዳዳሪው የድሮ ቀጣሪው በር ላይ ቀናት ሊመላለስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ተያዥ፣ የጤና ምርመራ፣ ከፖሊስ የሚወጣው የአሻራ ወረቀት፣ ለተመረጠ ሰው የሚጠየቅ ነው። ገና ያልተፈተነን ሃያ ሰው ተያዥ ማስፈለግ ሃያ ዘመድ ማስቸገር ነው።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ዋናው መሥሪያ ቤት» አድራሻ አይደለም። የሰፈሩ ስም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት፣ ሕንፃው፣ ፎቁ፣ የቢሮ ቁጥሩ፣ የካርታ ማስፈንጠሪያው ይቀመጥ። ፎቁን ግራውንዱን ቆጥረው የሚጽፉ አሉ፣ ሳይቆጥሩ የሚጽፉም አሉ፤ ስለዚህ ሊፍቱ ላይ የሚጫነው ቁጥር ይጻፍ። የተጠሩት ሰዎች ስም ዝርዝርም ከማለዳው በር ላይ ለጥበቃው ይሰጠው። ዝርዝሩ ያልደረሰው ጥበቃ መታወቂያ ይዞ ሲያመላልሳቸው ያ ሁሉ የተቆጠረ ደቂቃ እዚያው ያልቃል።

በሚቀጥለው እትማችሁ ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ፣ የዚያን ሰው ነገር አስቀድሙልኝ። ሌላ ተመሳሳይ ዘገባ ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ ጥሪው ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደውሉ፤ የምትደውሉትም በፈተናው ዕለት ከጠዋቱ 2:30 ላይ ይሁን። ብዙ ጊዜ የቢሮ መስመር ነው፤ ቢሮው የሚከፈተው ደግሞ እንግዳው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ከቆየ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅጥር ክፍል ባለሙያ፣ አዲስ አበባ