በመጸዳጃ ቤት የሚገባን አይጥ መርዝ አያስቀረውም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በደሴና በኮምቦልቻ በመጸዳጃ ቤት በኩል ስለሚወጡ አይጦች ያወጣችሁት ጽሑፍ መርዝን በመፍትሔነት አቅርቧል። መርዝ ግን አይጡን ቢገድልም መንገዱን አይዘጋም። በመቀመጫው ውስጥ የሚቆመው ውኃም ሽታን እንጂ አይጥን አያግድም፤ አይጥ ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ ይዋኛል።

አስቀድሞ የተሰበረ ቱቦ መፈለግ አለበት። ከመስመሩ በላይ ያለው መሬት ከሰመጠ ወይም ማንሆሉ ውስጥ አፈር ከተከማቸ፣ አይጡ በስብራቱ በኩል እየቆፈረ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የተሰበረውን ክፍል ቆርጦ መተካት ያስፈልጋል፤ ከላይ በሲሚንቶ ቢለሰን አፈሩ ሲንቀሳቀስ መልሶ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ከግቢው የመጨረሻ ማንሆል በሚወጣው ቱቦ አፍ ላይ፣ ፍሳሽ ሲገፋው ብቻ ወደ ውጭ የሚከፈት የማይዝግ ብረት ክዳን ይገጠም። የቱቦው ስፋት (ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊሜትር) ተለክቶ ይገዛ፤ ከጠበበ ፍሳሽ ያግዳል፣ ከሰፋ አይጥ ያሾልካል። ስብራቱ ከክዳኑ ወደ ቤቱ ባለው በኩል ከቀረ ግን ክዳኑ ዋጋ የለውም። ጨርቅ ከተሰነቀረበትም ክፍት ይቀራል፣ አለዚያም ፍሳሹን ወደ ቤት ይመልሳል።

ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ለመርዝ የሚያዋጡትን ገንዘብ ለየሕንፃው አንድ ክዳን እንዲያውሉትና በየወሩ ማንሆሉን ከፍቶ የሚያጸዳ ሰው እንዲመድቡ እጠይቃለሁ።

አንድ የቧንቧ ባለሙያ፣ ደሴ